በደጋ አገር የቱርቦ ግፊት ሲጠፋ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ ቱርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር በዳገት መካከል ኃይሉን በድንገት ቀንሶ፣ የማስጠንቀቂያ መብራት አብርቶ ሹፌሩን ሲያስቸግረው ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ የሚመለከት ነው። ርእሱ ሰፊ ስለ ሆነ ሁሉንም ዐይነት ሞተርና ሁሉንም ዐይነት ብልሽት ለማዳረስ አልሞክርም። ይልቁንም እኛ መቐለ ተቀምጠን በየዕለቱ የምናገኘውን፣ ነገር ግን በቆላና በባሕር ጠረፍ ለሚሠሩ ሰዎች የተጻፉት የጥገና መጻሕፍት እምብዛም የማያነሡትን አንድ ነገር መርጫለሁ። ይኸውም የከፍታ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ መብራቱ ሲበራ ምን ማለቱ እንደ ሆነ መስማማት ይገባናል። በአንዳንዱ መኪና ላይ «Reduced Engine Power» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ በሌላው ላይ የሞተር ሥዕል ያለው ቢጫ መብራት ብቻ ይበራል። በጋራዥ ቋንቋ ይህን ሁኔታ ሊምፕ ሞድ እንለዋለን፤ የሚያነክስ መኪና ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ሲሆን «ቱርቦው ሞቷል» ይባላል። መብራቱ ግን እንዲህ አላለም። የሞተሩ ኮምፒዩተር በያንዳንዱ ቅጽበት ወደ ሲሊንደሮቹ ሊገባ የሚገባውን የአየር ግፊት ያሰላል፤ በመግቢያ ማኒፎልዱ ላይ የተተከለው ሴንሰር ደግሞ በእውነት የገባውን ይነግረዋል። በተፈለገውና በተገኘው መካከል ያለው ልዩነት ከተወሰነ መጠን አልፎ ለጥቂት ሰከንዶች ከቆየ፣ ኮምፒዩተሩ ሒሳቡ አልገጥም ማለቱን በኮድ ይመዘግባል። የተገኘው ግፊት ካነሰ የሚመዘገበው P0299 ሲሆን፣ ከበዛ P0234 ነው። ከዚያም ነዳጁን ይቀንሳል። ነዳጁን የሚቀንሰው ሊቀጣን አይደለም። አየር በጎደለበት ሲሊንደር ውስጥ ሙሉ ናፍጣ ቢረጭ ጥቁር ጭስ ይበዛል፤ የጭሱም ሙቀት ፒስቶኑንና ቱርቦውን እስከ መጉዳት ይደርሳል።

እንግዲህ ኮዱ የሚነግረን የሒሳብ አለመግጠም ነው እንጂ የተበላሸውን ዕቃ ስም አይደለም። ይህን ልብ ሳይሉ ቱርቦውን ለመለወጥ መነሣት ምን ያህል እንደሚያስወጣ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ቱርቦው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው፤ እስኪመጣም መኪናው ለሳምንታት ይቆማል።

አሁን ወደ ከፍታው ልምጣ። በባሕር ወለል ላይ፣ ጅቡቲ ወደብ እንበል፣ በዙሪያችን ያለው የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ያህል ነው። መቐለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች፣ እዚህ የምንተነፍሰው አየር ግፊት 78 ወይም 79 ኪሎፓስካል ብቻ ነው። ከሮማናት አደባባይ ተነሥቶ በኵሓና በሕዋነ አድርጎ ወደ ማይጨው የሚሄድ መኪና አላጄን ሲወጣ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በዚያም የአየሩ ግፊት ወደ 70 ይወርዳል። የአየሩ ጠባይ በየቀኑ እነዚህን ቁጥሮች በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ቢያደርጋቸውም ለሥራችን ግን ይበቃሉ።

ይህ የግፊት ማነስ ቱርቦውን በቀጥታ ይነካዋል። በማኒፎልዱ ውስጥ 200 ኪሎፓስካል ፍጹም ግፊት ይፈለጋል እንበል። ፍጹም ግፊት የምለው ከባዶ ተነሥቶ የሚለካውን ነው። ጅቡቲ ላይ ቱርቦው የሳበውን አየር ወደ ሁለት እጥፍ ቢያደርሰው ይበቃዋል፤ መቐለ ላይ ግን ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ፣ አላጄ ላይ ደግሞ ወደ ሦስት እጥፍ ሊያደርሰው ይገባል። በዚህም ምክንያት አምራቾች ከፍታው ሲጨምር የሚፈለገው ግፊት እንዲቀንስ አድርገው ኮምፒዩተሩን ያዘጋጁታል። ያም ሆኖ ቱርቦው በደጋ የሚሠራው ከቆላ ይልቅ ለችሎታው ዳርቻ ተጠግቶ ነው። በዝቅተኛ ቦታ የማይታወቅ ትንሽ ቀዳዳ እዚህ ሲደርስ መብራት የሚያበራው ስለዚህ ነው። ከወደብ ጭኖ የሚመጣ ሹፌር «እስከ ሚሌ ደኅና ነበረ፣ ደጋው ላይ ስወጣ ከዳኝ» ቢለን፣ ቃሉን እንደ ማስረጃ ልንይዘው ይገባናል።

ይህን ያህል ካልሁ በኋላ አንድ ሥራ በዝርዝር ላቅርብ። መኪናው ባለ ሁለት ረድፍ መቀመጫ የሆነ፣ 2.5 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያለው የመስክ መኪና ነው። ቱርቦው ተንቀሳቃሽ ክንፎች ካሉት ዐይነት ነው። በዚህ ዐይነት ቱርቦ ላይ ጭሱ ተርባይኑን ከመምታቱ በፊት በትናንሽ ክንፎች መካከል ያልፋል። ክንፎቹ ሲጠጉ ጭሱ በጠባብ በር እየተፈተለከ ተርባይኑን በኃይል ያሽከረክራል፤ ሲከፈቱ ፍጥነቱ ይበርዳል። ክንፎቹን የሚያንቀሳቅስ ዘንግ አለ፤ ዘንጉን የሚስበው ደግሞ ዲያፍራም ያለበት ክብ ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮው የሚሠራውም በቫኪዩም ነው። ቫኪዩሙ ከሞተሩ ፓምፕ ተነሥቶ በቀጭን የጎማ ቱቦ ወደ ሶሌኖይድ ቫልቭ፣ ከዚያም ወደ ቆርቆሮው ይሄዳል። ቫኪዩም ሲገኝ ክንፎቹ ይጠጋሉ፤ ሲጠፋ ምንጩ መልሶ ይከፍታቸዋል። (በኤሌክትሪክ ሞተር የሚንቀሳቀሱም አሉ፤ እነርሱን ዛሬ አልነካም።)

የሹፌሩ ቃል ይህ ነበር። መኪናው ከተማ ውስጥ ምንም አይለውም። ከአዲ ሽሑ በላይ ያለውን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ሲይዘው ግን ኃይሉ ጥፍት ይልና መብራቱ ይበራል። ሞተሩን አጥፍቶ ሲያስነሣው ኃይሉ ይመለሳል፤ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላም እንደ ገና ይጠፋል። አንድ ጋራዥ ኮዱን ሁለት ጊዜ አጥፍቶ ሸኝቶታል፤ በሦስተኛው ጊዜ ቱርቦ ግዙ ብሎ ወረቀት ጽፎለታል። መኪናው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት የሚያመላልስ ስለ ነበረ፣ ያለ እርሱ የሚቆየው ጊዜ ዋጋ ነበረው።

ኮዱ P0299 ነበር። ኮምፒዩተሩ ኮዱን በመዘገበበት ቅጽበት የነበረውንም ሁኔታ አብሮ ያስቀምጣል፤ ይህን ሳናነብ ኮድ ማጥፋት ምስክርን ሳይሰሙ እንደ መሸኘት ነው። የተመዘገበው እንዲህ ይነበብ ነበር፤ ሞተሩ በደቂቃ 1,750 ዙር፣ የነዳጅ መርገጫው እስከ መጨረሻው የተረገጠ፣ የውጭው አየር ግፊት 71፣ የተፈለገው የማኒፎልድ ግፊት 165፣ የተገኘው 138 ኪሎፓስካል። የውጭው ግፊት 71 መሆኑ ብቻውን ነገሩ የደረሰው ከአላጄ አናት አጠገብ መሆኑን ይመሰክራል። ዙሩ ዝቅተኛ፣ ጭነቱ ሙሉ ነበር። ይህም ማለት ክንፎቹ እስከ መጨረሻው ሊጠጉ የሚገባበት ጊዜ ነበረ።

የመጀመሪያው ምርመራ ምንም ወጪ የሌለው ነው። ቁልፉን ከፍተን፣ ሞተሩን ሳናስነሣ፣ የማኒፎልዱ ሴንሰር የሚያነበውን ከውጭው አየር ንባብ ጋራ አስተያየን። ሞተሩ ስላልተነሣ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ሁለቱም 78 አነበቡ። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ላንሣ። አንዳንድ ባለሙያ በመጽሐፉ ላይ ወደ 100 ሊጠጋ እንደሚገባ አንብቦ፣ 78 ሲያይ ደኅናውን ሴንሰር ይጥላል። መቐለ ላይ ሊያስደነግጠን የሚገባውስ ሞተሩ ሳይነሣ 100 የሚያነብ ሴንሰር ነው፤ ያ ሴንሰር ይዋሻል።

ሴንሰሩ ከታመነ በኋላ የአየሩን መንገድ ፈተሽን። የአየር ፊልትሮው ንጹሕ ነበር። ከቱርቦው እስከ ኢንተርኩለሩ፣ ከዚያም እስከ ማኒፎልዱ ያለውን መሥመር በዐይን ማየት አይበቃም፤ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የታመቀ አየር ስለሌለ የተሰነጠቀ ጎማ አፉን ገጥሞ ይተኛል። ስለዚህ በፊልትሮው በኩል ያለውን አፍ ዘግተን፣ ከኮምፕረሰር በመቆጣጠሪያ ቀንሰን 70 ኪሎፓስካል ያህል፣ ማለትም ከአንድ ባር በታች፣ አስገባን፤ መጋጠሚያዎቹንም በሳሙና ውኃ ቀባን። አረፋ የወጣበት ቦታ አልነበረም። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ከኢንተርኩለሩ በታች ያለው ጎማ በሆዱ በኩል ተሰንጥቆ፣ ዙሪያው በዘይትና በአቧራ ጠቁሮ ይገኛል። በዚህ መኪና ግን መሥመሩ ደኅና ነበረ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ክንፎቹ ይንቀሳቀሳሉ ወይስ አይንቀሳቀሱም የሚል ሆነ። የቆርቆሮውን ቱቦ ነቅለን የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ገጠምንለት። ዘንጉ 18 ኪሎፓስካል ቫኪዩም ላይ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ያለ መንቀጥቀጥና ያለ መንተክተክ ተጉዞ 52 ላይ መቆሚያውን ነካ። ለሁለት ደቂቃ ያህል ስንጠብቅም የመለኪያው ቀስት አልተመለሰም። ይህ አንድ ምርመራ ሁለት ነገር አረጋገጠልን። ዲያፍራሙ አልተቀደደም፤ ክንፎቹም አልተጣበቁም። እንግዲህ እንዲለወጥ የተፈረደበት ቱርቦ በዚህ በኩል ነጻ ወጣ።

የቀረው ቫኪዩሙ ነው። በቆርቆሮው መግቢያ ላይ በቲ መጋጠሚያ መለኪያ አስገብተን ሞተሩን አስነሣን። በዚህ ሞተር ላይ ኮምፒዩተሩ በዝግታ ሥራ ጊዜ ክንፎቹን እንዲጠጉ ስለሚያዝ፣ በቆርቆሮው ላይ የሚታየው ቫኪዩም ፓምፑ ከሚሰጠው ብዙ ሊያንስ አይገባም። መለኪያው 54 አነበበ። ዘንጉ ለሙሉ ጉዞው የሚያስፈልገው 52 ስለ ሆነ ይበቃል፣ ነገሩም ደኅና ነው ሊባል ይቻል ነበር። መለኪያውን ፓምፑ ላይ ስናዞረው ግን 68 አነበበ። አሥራ አራቱ ኪሎፓስካል በመንገድ ቀርቷል ማለት ነው።

ስለ 68ም አንድ ቃል መናገር አለብኝ። የጥገናው መጽሐፍ ደኅና ፓምፕ ወደ 90 ኪሎፓስካል ይሰጣል ቢል፣ ያ በባሕር ወለል ላይ ነው። ቫኪዩም ማለት የውጭው አየር ከቱቦው ውስጥ አየር በምን ያህል እንደሚበልጥ የሚለካ ስለ ሆነ፣ ከውጭው ግፊት በላይ ሊሆን ከቶ አይችልም። በቱቦው ውስጥ 10 ኪሎፓስካል ብቻ የሚያስቀር ጎበዝ ፓምፕ፣ ጅቡቲ ላይ 91፣ መቐለ ላይ 68፣ አላጄ ላይ 60 ያነባል። ፓምፑ አንድ ነው፤ የተለወጠው ሰማዩ ነው። ስለዚህ እዚህ 68 ያነበበ ፓምፕ በመጽሐፉ ሲዳኝ ያለ ጥፋቱ ሊጣል ይችላል።

ዘንጉን የሚቃወመው ምንጭ ግን ከፍታ አያውቅም። ለሙሉ ጉዞ መቐለም ላይ አላጄም ላይ ያንኑ 52 ይጠይቃል። ደኅና መኪና አላጄ ላይ 60 ስለሚኖረው ስምንት ኪሎፓስካል ይተርፈዋል። የእኛ መኪና ግን በሚያፈስ መሥመር ምክንያት መቐለ ላይ ሁለት ብቻ ነበር የሚተርፈው፤ አላጄ ላይ ስናሰላው ደግሞ በቆርቆሮው ላይ የሚደርሰው 48 ገደማ ሆነ። አራት ኪሎፓስካል ጎደለ፤ ክንፎቹ ሊጠጉ ከሚገባቸው ጥቂት ቀደም ብለው ቆሙ፤ በ1,750 ዙር ላይ የጭሱ ጉልበት አነስተኛ ስለ ሆነም ቱርቦው አልደረሰም። ከተማ ውስጥ ደኅና፣ ዳገት ላይ ታማሚ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። በሁለተኛ ማርሽና በ2,500 ዙር ቢወጣ ኖሮ ጭሱ ስለሚበዛ ክንፎቹ ያን ያህል መጠጋት ባላስፈለጋቸውም ነበር፤ ሹፌሩም ኋላ ሲጠየቅ ማርሽ ቀንሶ በወጣበት ቀን መብራቱ እንዳልበራ አስታወሰ።

መፍሰሻውን ለማግኘት መለኪያውን ከሶሌኖይዱ በፊት ስናደርገው 55 አነበበ። ሶሌኖይዱ ራሱ ያጠፋው አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው የጠፋው በፓምፑና በሶሌኖይዱ መካከል ነው። ቱቦው ከሞተሩ ጀርባ፣ በሙቀት መከላከያው ቆርቆሮ አጠገብ የሚያልፍ ነበር። በእጅ ሲታጠፍ ደርቆ ጥቃቅን ስንጥቅ አወጣ፤ በአንድ ቦታም የቆርቆሮው ጠርዝ ፍቆት እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለ ሽንቁር ከፍቶበታል። ከግማሽ ሜትር የማይበልጥ ቱቦ ነው። የተካነው በወፍራም ግድግዳ በተሠራ የቫኪዩም ቱቦ ነው። ስሱ የነዳጅ ቱቦ በዚህ ቦታ ቢገባ ሲሞቅ ይለሰልስና ቫኪዩሙ ራሱ ያጣብቀዋል፤ እንዲህ ያለ ጥገና አይቻለሁ፤ ችግሩን ከበፊቱ ይልቅ ድብቅ ያደርገዋል።

ከዚህ በኋላ በቆርቆሮው ላይ 67 አገኘን። ስካነሩን እንደ ተገጠመ ይዘን ወደዚያው ዳገት ሄድን፤ በዚያው በሦስተኛ ማርሽ፣ መርገጫውንም ረግጠን ስንወጣ፣ የተገኘው ግፊት ከተፈለገው በአምስት ኪሎፓስካል ውስጥ ሆኖ ተከተለ። በአናቱ ላይ የቫኪዩሙ መለኪያ 58 ነበር። ኮዱ አልተመለሰም።

የዚህ ተቃራኒ የሆነውን P0234 በአጭሩ ላንሣ፤ ምክንያቱም በክልላችን በብዛት የሚመጣበት የራሱ ታሪክ አለው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት ጊዜ፣ በነዳጅ እጦት ምክንያት ብዙ መኪና ለረጅም ጊዜ ቆሟል። የቆመ ቱርቦ ክንፎቹ በጥቀርሻ እንደ ተሸፈኑ እርጥበት ያገኛቸዋል፤ ዝገትና ጥቀርሻ ተቀላቅለው ክንፎቹን የሚያዞረውን ቀለበት ይይዙታል። እንዲህ ያለው መኪና ሲነሣ ክንፎቹ ይጠጋሉ፤ ሲታዘዙ ግን በጊዜው አይከፈቱም። ሹፌሩ መጀመሪያ ከተለመደው የበለጠ ጉልበት ይሰማዋል፤ ወዲያው ግፊቱ ያልፍና ኮምፒዩተሩ ነዳጁን ይቆርጠዋል። ኃይል በመጥፋቱ ብቻ ከፊተኛው ብልሽት አይለይም፤ የሚለየው በኮዱና በእጅ ፓምፑ ነው። ቫኪዩሙን ሲለቁት ዘንጉ በአንድ ትንፋሽ ካልተመለሰ፣ ወይም በመካከል ቆሞ በኋላ ዘለል ካለ፣ ክንፎቹ ተይዘዋል። ቀላሉ ተይዞ ከሆነ ቱርቦውን አውርዶ የተርባይኑን ቤት ከፍቶ በማጽዳት ይድናል፤ የዛገው ቀለበት ከተበላ ግን ጽዳቱ ለጥቂት ወራት ነው። የክንፎቹን መቆሚያ ቡሎን ነክቶ ግፊቱን ለማስተካከል መሞከር ግን የፋብሪካውን ልክ ማጥፋት ነው፤ በኋላ ልኩን የሚያገኘው ሰው የለም።

በመጨረሻም ቱርቦው በእውነት የሞተ እንደ ሆነ የሚታወቅበትን ልንገራችሁ። የአየር መግቢያውን ቱቦ ነቅሎ ዘንጉን በጣት መነቅነቅ የተለመደ ነው። ወደ ጎን በጥቂቱ ቢነቃነቅ ብልሽት አይደለም፤ ዘንጉ የሚንሳፈፈው በዘይት ላይ ስለ ሆነ፣ ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ የያዘው ክፍተት በእጅ ይታወቃል። በዚህ ብቻ የተፈረደባቸው ብዙ ደኅና ቱርቦዎች አሉ። የሚያሠጋው የአየሩ መንኰራኵር ቤቱን የፋቀ እንደ ሆነ፣ ወይም ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋ በግልጽ የሚጓዝ እንደ ሆነ ነው። በኢንተርኩለሩ ቱቦ ውስጥ ስስ የዘይት ወዝ መገኘቱም ከሞተሩ መተንፈሻ የሚመጣ ነውና አያስደነግጥም፤ ዘይቱ ተጠራቅሞ የሚፈስ ከሆነ፣ ሰማያዊ ጭስና የሚያፏጭ ድምፅም ከተከተለው ግን መኪናው ከዚያ ቦታ መነሣት የለበትም። የናፍጣ ሞተር የራሱን ዘይት እየጠጣ፣ ቁልፍ ቢዘጋም አልቆም ብሎ እስኪፈነዳ ሊዞር ይችላልና፣ እንዲህ ያለው መኪና በመጎተቻ ወደ ጋራዥ ይወሰዳል።